ፖዚሽነር፣ ሴንሰር ወይስ ትራንስሚተር? ዴድባንድ፣ ሂስተሪሲስና ሪስፖንስ ታይም አይቶ መምረጥ

ድሬዳዋ ውስጥ ጠርሙስ የሚያጥብ አንድ ትንሽ ፋብሪካ ጠርቶኝ ነበር። ማጠቢያው ውሃ በእንፋሎት ይሞቃል። 75 ዲግሪ ላይ መቆም አለበት፤ ግን አይቆምም። ቀስ ብሎ ይወጣል፣ ቀስ ብሎ ይወርዳል፣ ደግሞ ይወጣል። አንድ ዙር ለመጨረስ ከሦስት ደቂቃ ትንሽ ይበልጣል።

የጥገና ኃላፊው ችግሩ የሴንሰሩ መስሎት ፈጣን የተባለ አዲስ ሴንሰር አስገዝቶ ነበር። ከተገጠመ በኋላ ስክሪኑ ላይ የሚታየው መዋዠቅ ባሰ። በፊት ከጫፍ እስከ ጫፍ 1.7 ዲግሪ የነበረው 2.6 ሆነ። ገንዘቡ ወጥቷል፣ አለቃው ተቆጥቷል። እኔ ስደርስ ኃላፊው ጠረጴዛ ላይ ሌላ ሦስት ፕሮፎርማ ነበር፦ ትክክለኛነቱ ከፍ ያለ ትራንስሚተር፣ በአየር ብቻ የሚሠራ ፖዚሽነር፣ ዲጂታል ፖዚሽነር። ትራንስሚተር የሴንሰሩን ንባብ ቫልቩን ለሚያዘው ኮንትሮለር የሚልክ ነው፤ ፖዚሽነር ደግሞ የእንፋሎቱ ቫልቭ የታዘዘበት ቦታ መድረሱን የሚያጣራ ነው። ኃላፊው «የቱን ልግዛ?» አለኝ።

ሦስቱም ወረቀቶች ላይ ስለ ሂስተሪሲስ፣ ስለ ዴድባንድ ወይም ስለ ሪስፖንስ ታይም የሆነ ቁጥር አለ። ቁጥሮቹ ግን የሚለኩት ነገር አንድ ዓይነት አይደለም። ስለዚህ ዋጋ ከማየታችን በፊት ቃላቱን እንለይ።

## መስፈርት አንድ፦ ዴድባንድ

የሐረርን ፔጆ 404 ታክሲ የነዳ ሰው ዴድባንድን በእጁ ያውቀዋል። መሪውን ወደ ቀኝ ይዘህ ስትሄድ መኪናው ይታዘዛል። ወደ ግራ ልመልስ ስትል ግን መሪው ትንሽ ባዶውን ይዞራል። ጎማው አልሰማም። ያቺ ባዶ ዙር ዴድባንድ ናት። ትዕዛዙ አቅጣጫ ሲቀይር፣ ምንም ለውጥ ሳይታይ የሚባክነው መጠን ማለት ነው።

ቫልቭ ላይ ዴድባንድ የሚመጣው ከሰበቃ፣ ከላላ ፒንና ከማገናኛ ክፍተት ነው። ዋናው ባሕርይው ይህ ነው፦ ጉዞው ረጅም ሆነ አጭር መጠኑ ያው ነው። ከ0 እስከ 100 ሄዳችሁ ብትመለሱም፣ ከ40 ወደ 41 ሄዳችሁ ብትመለሱም የምትከፍሉት እኩል ነው።

## መስፈርት ሁለት፦ ሂስተሪሲስ

ሂስተሪሲስ ይመሳሰላል፤ ግን ሌላ ነው። አንድ የግፊት ጌጅ ውሰዱ። ግፊቱ እየጨመረ 5 ባር ሲደርስ 4.95 ያነባል። እስከ 10 ሄዶ እየቀነሰ 5 ባር ሲደርስ ደግሞ 5.05 ያነባል። እዚህ ምንም የቆመ ነገር የለም። መርፌው ሁልጊዜ ይንቀሳቀሳል፤ ብቻ የመጣበትን መንገድ ያስታውሳል። ምንጩ የብረቱ፣ የስፕሪንጉ ወይም የጎማው የመለጠጥ ባሕርይ ነው።

ልዩነቱ ለገዢ ትልቅ ትርጉም አለው። የሂስተሪሲስ መጠን በጉዞው ርዝመት ይወሰናል። ጉዞው ትንሽ ከሆነ ልዩነቱም ትንሽ ነው። ብዙ ዳታ ሺት ግን ሁለቱን ደምሮ በአንድ ቁጥር ያስቀምጣል፤ የተለካውም ከ0 እስከ 100 ሙሉ ጉዞ ተሂዶና ተመልሶ ነው። «ሂስተሪሲስ 1 በመቶ» የሚል ወረቀት ስታዩ ያ 1 በመቶ ከየት እንደመጣ አታውቁም። በሙሉ ሂስተሪሲስ ከሆነ፣ ኮንትሮለራችሁ በሥራ ላይ 1 ወይም 2 በመቶ ብቻ እየነቀነቀ ስለሚሠራ፣ አብዛኛው ስህተት አይታይም። ዴድባንድ ከሆነ ግን በሙሉ ቁጭ ብሎ ይጠብቃችኋል።

ስለዚህ ሻጩን አንድ ጥያቄ ጠይቁ፦ «በ1 በመቶ እርምጃ፣ አቅጣጫ ሲቀየር ስንት ይባክናል?» መልስ ካለው ዕቃውን ያውቃል።

## መስፈርት ሦስት፦ ሪስፖንስ ታይም

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሸወደው በመለኪያው ነው። አንዱ ካታሎግ «10 ሰከንድ» ይላል፣ ሌላው «23 ሰከንድ»። የመጀመሪያው ፈጣን ይመስላል። አንዱ የለካው ለውጡ 63 በመቶ እስኪደርስ፣ ሌላው 90 በመቶ እስኪደርስ ከሆነ ግን ሁለቱ ሴንሰሮች እኩል ናቸው። 90 በመቶ ላይ ለመድረስ የሚፈጀው ጊዜ ለ63 በመቶ ከሚፈጀው 2.3 ጊዜ እጥፍ ገደማ ነውና። ቁጥሩ አጠገብ በመቶኛው ካልተጻፈ አታወዳድሩት።

ሌላው፣ የሙቀት ሴንሰር ቁጥር አብዛኛውን ጊዜ የሚለካው ራቁቱን የሚንቀሳቀስ ውሃ ውስጥ ተነክሮ ነው። እናንተ ጋ ግን ሴንሰሩ ወፍራም የብረት ኪስ ውስጥ፣ ሰርሞዌል በምንለው ውስጥ፣ ይገባል። የሴንሰሩ ጫፍ የኪሱን ታች ካልነካ መሀል ላይ አየር ይቀራል፤ አየር ደግሞ ሙቀት ቶሎ አያሳልፍም። ጥቂት ሰከንድ የተባለው በአንዴ 30 እና 40 ሰከንድ ይሆናል። በድሬ ውሃ ላይ ደግሞ ሌላ ጣጣ ይጨመራል። ማንቆርቆሪያችሁ ታች ላይ የሚጋገረውን ነጭ ነገር ታውቁታላችሁ። ያው ድንጋይ ሰርሞዌሉንም ይለብሰዋል። ሴንሰር ቀስ በቀስ ሲዘገይ ካያችሁ ከመግዛታችሁ በፊት አውጥታችሁ ፋቁት።

## ሉፑ ውስጥ ምን ይፈጠራል?

ሴንሰሩ፣ ኮንትሮለሩና ቫልቩ እየተቀባበሉ የሚሠሩት ዙር ሉፕ ይባላል። ወደ ጠርሙስ ማጠቢያው ልመለስ። ቫልቩ ፖዚሽነር የለውም። ከኮንትሮለሩ የሚመጣው ከ4 እስከ 20 ሚሊ አምፔር በኮንቨርተር ወደ አየር ግፊት ይቀየራል፤ አየሩ ዲያፍራሙን ይገፋል፤ አለቀ። ቫልቩ የት እንደደረሰ የሚያጣራ የለም።

ኮንትሮለሩን ማንዋል ላይ አደረግሁት። የቫልቩ ዘንግ ሙሉ ጉዞ 20 ሚሊ ሜትር ነው፤ 1 በመቶ ማለት 0.2 ሚሊ ሜትር ነው። ይህ በዓይን አይታይም። ትንሽ እንቅስቃሴን በመርፌ የሚያሳይ መለኪያ፣ ዳያል ኢንዲኬተር፣ በማግኔት አስረን ጫፉን ዘንጉ ላይ አሳረፍነው። ትዕዛዙን መጀመሪያ ከ40 ወደ 43 ወሰድኩት፣ ክፍተቱ በአንድ በኩል እንዲሞላ። ከዚያ 43.5 አልኩት፤ መርፌው ተንቀሳቀሰ። አሁን ወደኋላ፦ 43፣ ምንም። 42.5፣ ምንም። 42፣ 41.5፣ 41፣ ምንም። 40.5፣ አሁንም ምንም። 40 ላይ መርፌው ዘሎ 0.4 ሚሊ ሜትር ሄደ።

ሁለት ነገር አገኘን ማለት ነው። አንደኛ፣ 3 በመቶ የሚያህል ትዕዛዝ ይባክናል። ሁለተኛ፣ ቫልቩ ሲነሳ በቀስታ አይነሳም፤ 2 በመቶ ያህል ይዘላል። ይህ መዝለል ስቲክሽን ይባላል፤ ተጣብቆ ቆይቶ መላቀቅ ነው።

አሁን ሂሳቡን ተመልከቱ። በራስ ሰር ሲሠራ የኮንትሮለሩ ትዕዛዝ በሰከንድ 0.03 በመቶ ያህል ይለወጥ ነበር። ዴድባንዱን ለማለፍ የሚፈጀው ጊዜ፦

የሚባክን ጊዜ = ዴድባንድ ÷ የትዕዛዙ ፍጥነት = 3 ÷ 0.03 = 100 ሰከንድ

መቶ ሰከንድ ሙሉ ኮንትሮለሩ «ጨምር» እያለ ይጮሃል፤ ቫልቩ አልሰማም። ከዚያ ይዘልና ሙቀቱ የተፈለገውን 75 ዲግሪ፣ ሴትፖይንቱን፣ አልፎ ይሄዳል። ለመመለስ ሌላ መቶ ሰከንድ። ሁለት መቶ ሰከንድ፣ ስክሪኑ ላይ ያየነው ዙር ይኸው ነው። የመዋዠቁም ስፋት ከዝላዩ ይመጣል። እዚያ ሙቀት መለዋወጫ ላይ 1 በመቶ የቫልቭ ለውጥ 1.4 ዲግሪ ያመጣል። 2 በመቶ ሲዘል 2.8 ዲግሪ ይሆናል።

ታዲያ የድሮው ሴንሰር ለምን 1.7 ብቻ አሳየ? ዘገምተኛ ስለነበረ ነው። የድሮው ሴንሰር የጊዜ ቋሚ፣ ማለትም ለውጡ 63 በመቶ እስኪደርስ የሚፈጅበት ጊዜ፣ 40 ሰከንድ ገደማ ነበር። በ200 ሰከንድ ዙር ላይ እንዲህ ያለ ሴንሰር ከእውነተኛው መዋዠቅ 62 በመቶ ያህሉን ብቻ ያሳያል። አዲሱ 10 ሰከንድ ነው፤ ከ90 በመቶ በላይ ያሳያል። ውሃው አልባሰም፤ መነጽሩ ነው የጠራው። የተቆጣው አለቃ ይህን ሲሰማ ወረቀት አስመጥቶ ሂሳቡን ራሱ ደገመው።

እግረ መንገዴን አንድ ነገር ልጨምር፣ ብዙ ሰው ስለሚያደናግረው። ዝላይ የሌለው ንጹሕ ዴድባንድ ብቻውን እንዲህ ባለ የሙቀት ወይም የፍሰት ሉፕ ላይ ማብቂያ የሌለው ዑደት አይፈጥርም፤ ሉፑን ያዘገየዋል እንጂ። የታንክ ከፍታ ላይ ግን ነገሩ ይለወጣል። ታንክ ራሱ የሚገባና የሚወጣውን ልዩነት እየደመረ ስለሚሄድ፣ ኮንትሮለሩም ስህተቱን በጊዜ ውስጥ በሚያከማቸው ክፍሉ፣ በኢንቴግራል፣ ከደመረ፣ ዴድባንድ ብቻውን ሉፑን ለዘላለም ሊያወዛውዘው ይችላል። ታንካችሁ ከተወዛወዘ ኢንቴግራሉን አጥፍታችሁ ለወቅቱ ስህተት በሚመልሰው ክፍል፣ በፕሮፖርሽናል፣ ብቻ አሠሩት። ከረጋ ጥፋተኛው ቫልቩ የመሆን ዕድሉ ሰፊ ነው።

## አማራጮቹን በመስፈርቱ እንያቸው

የተሻለ ትራንስሚተር። በመጀመሪያ ከዝርዝሩ ያወጣሁት ይህን ነው። ዛሬ የሚሸጥ ደህና ትራንስሚተር ሂስተሪሲሱ ከነሌላው ስህተት ተደምሮ 0.1 በመቶ አካባቢ ነው። ቫልቩ 3 በመቶ እያባከነ፣ 0.1 የነበረውን 0.05 ለማድረግ ገንዘብ ማውጣት ያሳዝነኛል። ትራንስሚተር የሚቀየረው ንባቡ ራሱ ሲሳሳት ወይም ለሂሳብ መክፈያ የሚለካ ነገር ሲሆን ነው።

ቫልቩን እንዳለ ማደስ። ይህ ፕሮፎርማው ውስጥ አልነበረም። የቦይለር ሠራተኛውን ቫልቩን ማን እንደነካው ስጠይቀው «አቦ፣ እንፋሎት ሲያፈስ እኔ ነኝ ጠበቅ ያደረግሁት» አለኝ። አልፈረድኩበትም። እንፋሎት ሲተፋ ዝም ብሎ ማየት አይቻልም። ግን የግላንዱ ነት ከልክ በላይ ሲጠብቅ፣ እንፋሎት በዘንጉ ዙሪያ እንዳያፈስ የሚይዘው ማሸጊያ፣ ፓኪንጉ፣ ዘንጉን አንቆ ይይዘዋል። ያረጀውን ፓኪንግ አውጥተን፣ ዘንጉን አጽድተን፣ አዲስ የቴፍሎን ፓኪንግ አስገባን። እዚያ ያለው እንፋሎት 7 ባር፣ 170 ዲግሪ ገደማ ነው፤ ቴፍሎን ይችለዋል። እጅግ ለሞቀ እንፋሎት ግራፋይት ያስፈልጋል፤ ግራፋይት ደግሞ ሰበቃው ከፍ ያለ ነው፣ ይህን አስቀድማችሁ ቁጠሩት። እንደገና ስንለካ ዴድባንዱ ወደ 1.2 በመቶ ወረደ። ወጪው የፓኪንግና የግማሽ ቀን ሥራ ነው።

በአየር ብቻ የሚሠራ ፖዚሽነር። ፖዚሽነር ቫልቩ የት እንዳለ በክንድ ይለካል፤ ካልደረሰ አየር እየጨመረ ይገፋዋል። ሰበቃውን አያጠፋም፤ ያሸንፈዋል። በደንብ የተስተካከለ ከሆነ ዴድባንዱን ወደ 1 በመቶ ወይም ከዚያ በታች ያወርዳል። ጥቅሙ ቀላልነቱ ነው። ማንኛውም ጎበዝ መካኒክ ከፍቶ ያየዋል። ጉዳቱ የክንዱና የስፕሪንጉ ማስተካከያ በንዝረትና በጊዜ ይዛባል፤ እየተመላለሱ ካሊብሬት ማድረግ ይፈልጋል።

ዲጂታል ፖዚሽነር። ከሁሉ ጠባቡን ዴድባንድ የሚሰጠው ይህ ነው፤ ጥሩው ከግማሽ በመቶ በታች ይደርሳል። ራሱን ካሊብሬት ያደርጋል፤ ብዙዎቹ የሰበቃውን መጨመርም ያሳያሉ። ግን ሦስት ነገር አጣሩ። አንደኛ፣ አየሩ። ከኮምፕሬሰር ውሃና ዘይት የሚመጣ ከሆነ ውስጡ ያለውን ቀጭን ቀዳዳ ይደፍነዋል፤ ፊልተርና ማድረቂያ ሳይኖር አትግጠሙት። ሁለተኛ፣ ሙቀቱ። ብዙዎቹ እስከ 80 ዲግሪ አካባቢ ይችላሉ። በድሬ ግንቦት፣ ያልተሸፈነ የእንፋሎት ቱቦ አጠገብ ይህ ሩቅ ቁጥር አይደለም፤ ቱቦውን አልብሱት። ሦስተኛ፣ በጣም በተጣበቀ ቫልቭ ላይ ካሰራችሁት ራሱ ፖዚሽነሩ መርጋት ያቅተዋል፤ ቫልቩን አንዴ አሳልፎ አንዴ አሳንሶ ይወዛወዛል። ለዚህ ነው ፓኪንጉ መቅደም ያለበት።

አንድ የወረቀት ወጥመድም አለ። ፖዚሽነር የሚያየው ዘንጉን ነው። በሚዞር ቫልቭ፣ ለምሳሌ በቦል ቫልቭ፣ ዘንጉና ኳሱ መሀል ያለው መገጣጠሚያ ከላላ ፖዚሽነሩ «ደርሻለሁ» ይላል፤ ኳሱ ግን አልዞረም። ስክሪኑ ያማረ ነው፣ ውሃው ይወዛወዛል። እንዲህ ያለውን የሚያጋልጠው በፍሰት ወይም በሙቀት መለካት ብቻ ነው።

ኦን-ኦፍ። ቴርሞስታትና ሶሌኖይድ ቫልቭ። እዚህ ዴድባንድ ጠላት አይደለም፤ ሆን ብላችሁ የምትገዙት ነው። የውሃ ፓምፕ ላይ ያለውን የግፊት ስዊች አስቡ። በ2 ባር ያስነሳል፣ በ3.5 ያጠፋል። ያንን 1.5 ባር ካጠበባችሁት ሞተሩ በየደቂቃው እየተነሳ ይቃጠላል። 500 ሊትር ታንክ በ12 ኪሎ ዋት ማሞቂያ ብታሞቁ፣ ውሃ ካልተቀዳ፣ በደቂቃ 0.34 ዲግሪ ያህል ይወጣል። ዴድባንዱን 1 ዲግሪ ካደረጋችሁት ማሞቂያው 3 ደቂቃ ያህል ሠርቶ ይዘጋል። 4 ዲግሪ ካደረጋችሁት 12 ደቂቃ ይሠራል፤ ማሞቂያውን የሚያበራና የሚያጠፋው ኮንታክተር ይተርፋል። ውሃው 4 ዲግሪ መዋዠቁ ካልጎዳችሁ ከዚህ የረከሰ መፍትሔ የለም።

| መስፈርት | ያለ ፖዚሽነር | የአየር ፖዚሽነር | ዲጂታል ፖዚሽነር | ኦን-ኦፍ |
|---|---|---|---|---|
| ዴድባንድ በተለምዶ | ከ2 እስከ 5 በመቶ፣ ፓኪንጉ ካነቀ ከዚያም በላይ | 1 በመቶ አካባቢ | ከ0.5 በመቶ በታች ይቻላል | ራሳችሁ የምትወስኑት |
| ለትንሽ እርምጃ ምላሽ | ደካማ፣ በዝላይ | ጥሩ | በጣም ጥሩ | አይመለከተውም |
| የአየር ጥራት ፍላጎት | መጠነኛ | ከፍ ያለ | በጣም ከፍተኛ | አየር አይፈልግም |
| ጥገና | ቀላል | በየጊዜው ካሊብሬሽን | በራሱ፣ ግን ዕውቀት ይፈልጋል | በጣም ቀላል |
| ዋጋ | ዝቅተኛ | መካከለኛ | ከፍተኛ | በጣም ዝቅተኛ |

## ለማን የቱ?

ገንዘብ የሌለው፣ ቫልቩ የሚወዛወዝበት ሰው ምንም አይግዛ። ዳያል ኢንዲኬተር ይዋስና እኔ ያደረግሁትን ይለካ። በ0.5 በመቶ ይሂድ። በሙቀት ወይም በፍሰት የሚለካ ከሆነ ደግሞ በየእርምጃው ሂደቱ እስኪረጋ ይጠብቅ፤ ከተቻኮለ የሂደቱን መዘግየት ዴድባንድ ብሎ ይመዘግባል። ከ2 በመቶ በላይ ካገኘ ፓኪንጉን ይቀይር።

መካከለኛ በጀት ያለው፣ ኮምፕሬሰሩ አሮጌ የሆነና አየሩ ውሃ የሚተፋ ፋብሪካ የአየር ፖዚሽነር ይውሰድ፤ የተረፈውን ብር ለፊልተር ያውለው። ዲጂታሉን ደረቅ አየር ሲኖረው ይመለስበታል።

አንድ ዲግሪ ምርት የሚያበላሽበት ሰው፣ ለምሳሌ ወተት ፓስቸራይዝ የሚያደርግ ወይም ጨርቅ የሚነክር፣ ዲጂታል ፖዚሽነር ይግዛ። ሴንሰሩንም አብሮ ይይ፤ ጫፉ የሰርሞዌሉን ታች በስፕሪንግ የሚነካ ዓይነት ይምረጥ። ቅደም ተከተሉ ግን ቫልቭ፣ ከዚያ ሴንሰር ነው።

ታንክ ውስጥ ውሃ ሞቆ መገኘቱ ብቻ የሚያሳስበው ሆቴል ኦን-ኦፍ በቂው ነው።

ጠርሙስ ማጠቢያው በመጨረሻ ዲጂታሉን ገዛ፤ ደረቅ አየር ነበራቸው። ዴድባንዱ 0.4 በመቶ ሆነ። ኮንትሮለሩ ግን ለድሮው ተጣባቂ ቫልቭ ተብሎ እንዲዘገይ ተደርጎ ስለነበረ፣ የመጀመሪያው ቀን ሙቀቱ ወደ ሴትፖይንት ለመመለስ ዳተኛ ነበር። ኢንቴግራል ጊዜውን ከ40 ወደ 25 ሰከንድ አወረድነው። በማግስቱ ጠዋት ኃላፊው የትሬንዱን ፎቶ ላከልኝ። ከጫፍ እስከ ጫፍ ግማሽ ዲግሪ ነበር። የትራንስሚተሩን ፕሮፎርማ ጀርባውን የልኬት ቁጥር መጻፊያ አድርጎታል።